እንዳይሆንብን

ላባ ያልናት እኛ ነን። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ አሁን ግን ደሞዝ ከፋዩ ካልሆነ በቀር በዚያ ስም የሚጠራት የለም። የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት። እጇ ከመቅለሉ የተነሳ ሕፃናቱ ማልቀስ የሚጀምሩት መርፌው ሲገባ ሳይሆን ጨርሳ ፕላስተር ስትለጥፍላቸው ነው። ያኔም የሚያናድዳቸው መወጋታቸው አይደለም፣ መያዛቸው ነው።

እኔ ከእሷ ቀድሜ እዚያ ክፍል የገባሁ፣ በዕድሜም በአፍም የምበልጣት ነኝ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ። የእኔ አፍ እስከ ዛሬ ስንት ዝንብ እንዳስገባ እኔና ዝንቦቹ ነን የምናውቀው። ላባ «እትዬ» ትለኛለች፣ እኔም እንደ ታናሽ እህቴ እቆጣታለሁ። እንዲህ ነው የምንዋደደው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ይጠቅማል። ላባ ሕፃን ልጅን «አያምህም» ብላ አታውቅም። እኛ ሁላችን እንላለን፤ ልጁም ውሸታም መሆናችንን ያውቅና ሰፈር እስኪሰማ ይጮኻል። እሷ ግን ወንበር ስባ ትቀመጥና ትጠይቃለች። አንድ ቀን አንድ ጥርሰ ወላቃ አልጋ ሥር ገብቶ «አልወጋም!» ብሎ አስቸገረን። እኔ «ና ውጣ፣ ጎበዝ አይደለህ?» እላለሁ፣ እናቱ «ከረሜላ እገዛልሃለሁ» ትላለች፣ እሱ ወይ ፍንክች። ላባ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«የቱ ጋ ነው የፈራኸው?» አለችው።

«ያመኛላ!»

«እንደምን ያለ ሕመም?»

«እንደ ንብ።»

«ንብ ነድፋህ ታውቃለች እንዴ? የት ላይ?»

«ዓይኔ ላይ። አብጦ ተደፈነ።»

«አሃ! ስለዚህ ዓይኔን ልትወጋኝ ነው ብለህ ነው?»

ልጁ አንገቱን ነቀነቀ። እኛ ለካ ስለ ክንዱ ስንለምነው እሱ ዓይኑን ይዞ ነው የተደበቀው። ላባ መርፌው የት እንደሚገባ በጣቷ አሳየችው፣ «ከዚህ ወደ ዓይንህ የሚያደርስ መንገድ የለም» አለችው። ልጁ ክንዱንና ዓይኑን አስተያየና ወጣ። አለቀሰ፣ ግን ክንዱን ራሱ ነው የሰጠው።

እንግዲህ ይቺ ሴት ናት ባለፈው ክረምት የተሰበረችው።

የሆነው እንዲህ ነው። ለአንድ ወፍራም ወንድ ሕፃን እጁ ላይ ግሉኮስ ሰክታ ነበር። አሰካኳ ምንም አይወጣለትም። ልጁ እንዳይነቅለው ብላ ግን በፕላስተርና በጨርቅ ጠቅልላ ሸፈነችው። ክፍሉ ያን ቀን ሞልቶ ስለነበር ወደ ሌሎቹ ሄደች። ቱቦው ከደም ሥሩ ወጥቶ ፈሳሹ ሥጋው ውስጥ ሲፈስ ማንም አላየም። ጨርቁ ሲፈታ እጁ አብጦ ቆዳው ውሃ ቋጥሯል። ልጁ ዳነ፣ ጠባሳ ግን ቀረበት። እናትየው የልጇን እጅ አየችና ላባን «እጅሽ ይሰበር!» አለቻት። እናት ናት፣ አልፈርድባትም። ላባ ግን እርግማኑን ተቀብላ ቤቷ ይዛው ሄደች።

ከዚያ በኋላ ነው ያቺ የመጣችው። «ያቺ» የምላት የላባ የውስጥ ድምፅ ናት። ሁላችንም አለችን፤ የላባዋ ግን ወንበሯን ይዛ መጥታ ከእሷ ጋር አንድ ፈረቃ መሥራት ጀመረች። መርፌ ባነሳች ቁጥር «ትስቻለሽ» ትላታለች። «ይሄኛውንም ታበላሺዋለሽ። ላባ ይሉሻል፣ ቢያውቁሽ ኖሮ ድንጋይ ይሉሽ ነበር። ትዋረጃለሽ።» ይህን ሁሉ የነገረችኝ ላባ ራሷ ናት። ባትነግረኝም መልሱን እሰማው ነበር፣ ምክንያቱም መድኃኒት ጠረጴዛው ጋ ቆማ ብቻዋን ስትከራከር ከንፈሯ ይሠራል፦ «አልስትም! መቼ ሳትኩ? ትናንት ሁሉንም አልሰካሁም? ተይኝ!»

እኔም ከጎኗ ተሰለፍኩ። ምን ላድርግ፣ የምወዳት ልጅ ስትቃጠል እያየሁ? «አትስሚያት! አንቺ እኮ የዚህ ክፍል አንደኛ ነሽ» እላታለሁ። ያቺ አቃቤ ሕግ ከሆነች እኔ ጠበቃ ሆንኩ። ጉድ እኮ ነው፣ እኔ አንድ ምስጋና ባቀረብኩ ቁጥር ያቺ ሁለት ምስክር ትጠራለች! «እትዬ ስለምትወድሽ ነው እንደዚያ ያለችሽ» ትላታለች። «ትናንት የሰካሻቸው ቀላሎቹን ነው» ትላታለች። ላባ ትመልሳለች፣ ያቺ ትጨምራለች፤ ችሎቱ ተነስቶ አያውቅም።

ችሎቱ ባልከፋ ነበር፣ መርፌው ባይኖር። ሰው ሲከራከር ሐሳቡ ክርክሩ ላይ ነው። እጁ ብቻውን ቀረ ማለት ነው። የሕፃን የደም ሥር ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ነው፣ ብቻውን የቀረ እጅ አያገኘውም። ትከሻዋ ይወጠራል፣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ጣቷ ይደርቃል፣ ትስታለች። ስትስት ደግሞ «አላልኩሽም?» ይመጣል። በመሳቷ ምክንያት ትፈራለች፣ በመፍራቷ ምክንያት ትስታለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ላባ ልጡን ራሷ እየፈተለች መበርየት ያዘች።

በመጨረሻ ኃላፊያችን ዘንድ ሄዳ «ካርድ ክፍል አዛውሪኝ» አለቻት። ካርድ ክፍል! ያ እጅ ቀኑን ሙሉ ካርድ ሊደረድር! ኃላፊያችን ቁጥብ ሴት ናት፣ «እስከ ዓርብ አስቢበት፣ ዓርብ መልስሽን ይዘሽ ነይ» አለቻት። እኔ ስሰማ ጨስኩ። ለሦስት ቀን ያህል ሰላምታዬን እንኳን በጥርሴ ነበር የምሰጣት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፣ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። ተቅማጥና ትውከት። ሴት ልጅ ናት፣ ገና ጥርስ ያላወጣች። ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ስታለቅስ እንባ የላትም፤ ልቅሶዋም እየሳሳ ነው። በአፍ የሰጠናትን ሁሉ ትመልሰዋለች። ፈሳሽ በደም ሥር መግባት አለበት፣ አሁኑኑ።

እኔ ሞከርኩ። ሳትኩ። በሌላኛው እጇ ሞከርኩ። ሳትኩ። የደረቀ ሕፃን የደም ሥሩ ይሸሻል፣ ይኮማተራል። በእኛ ክፍል ሥርዓት ሁለቴ የሳተ ሰው እጁን አንስቶ ለሌላ ይለቃል፤ እልህ ሕፃን ላይ አይሠራም። ዶክተሩ ቀዶ ጥገና ክፍል ነበር፣ አስጠራሁት። «እየመጣሁ ነው፣ እስከዚያ ሌላ ሰው ይሞክር፤ ካልሆነ በአጥንት እንገባለን» አለ። የአጥንቱ መርፌ እግር ላይ ከጉልበት በታች አጥንት ውስጥ የሚገባ ነው። ሕይወት ያድናል፣ ግን ለእናት የሚያሳዩት ነገር አይደለም። አውጥቼ አዘጋጀሁት።

«ላባ!» አልኩ።

የእጅ መታጠቢያው ጋ ቆማ ነበር። እጇን ታጥባ ጨርሳለች፣ ግን ውሃውን አልዘጋችውም።

«ላባ፣ ነይ እንጂ!»

መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። የልጅቷን እጅ ያዘች፣ በላስቲክ አሰረች፣ ዳሰሰች። ከንፈሯ መሥራት ጀመረ። «አልስትም… አልስትም አልኩሽ እኮ… ዞር በይልኝ…» መርፌው ገባ። ደም የለም። ትንሽ ገፋችው፣ አሁንም የለም። አወጣችው። እናትየው አፏን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች።

«እትዬ፣ ሌላ ሰው ጥሪ» አለችኝ። መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጠች።

«ማንን ልጥራ? ጥበቃውን?»

«አልችልም። ትክክል ናት። አልችልም።»

«አንቺ እኮ አንደኛ…» ልል አፌን ከፈትኩ። ስንት ጊዜ ብያት ምን እንዳመጣ ትዝ አለኝና ዋጥኩት። በእሱ ፋንታ ንዴቴ ወጣ። ላስተምራት ብዬ አልነበረም፣ እውነቴን ነው፤ ብግን ብዬ ነው።

«ለዓለም ልጅ ሁሉ የቱ ጋ ነው የፈራኸው እያልሽ ወለል ላይ ትቀመጫለሽ! ይቺን ውስጥሽ ያለችውን አንዴ እንኳን ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ስትጨቃጨቂያት ከረምሽ! እሷም አልጋ ሥር የገባች ልጅ ናት እንበል። በይ ጠይቂያት!»

ላባ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነከረችና የልጅቷን እግር ጠቀለለችው። ሙቀት የደም ሥር ያወጣል፣ ግን ትንሽ መጠበቅ ይፈልጋል። እግሩን በሁለት እጇ እንደያዘች ዓይኗን ጨፈነች።

«የምትልሽን ድምፅሽን አውጥተሽ ንገሪኝ» አልኳት።

«ትስቻለሽ ትላለች።»

«እሺ። አትመልሺላት። ብስት ምን ይሆናል በያት።»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ልጅቷ ትጎዳለች ትላለች።»

«እንዴት አድርጋ ነው የምትጎዳው?»

«ዝም አለች።»

«ዝም ትበል። ጠብቂያት» አልኳት። በኮሪደሩ የዶክተሩን የጫማ ድምፅ እየጠበቅኩ ነው፣ ሕፃኗ ማልቀሱን ትታ ማቃሰት ጀምራለች። ያን ጊዜ ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል እንደከበደኝ የሚያውቁኝ ይገምቱ።

«እትዬ» አለች ላባ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «መሳቱን አይደለም።»

«ምኑን ነው ታዲያ?»

«ብስት ዶክተሩ አለ ትላለች። የምትፈራው ከገባ በኋላ ያለውን ነው። ሸፍነነው… ጥለነው ሄደን… እንደዚያኛው ልጅ እንዳይሆንብን።»

«እንዳይሆን ምን?»

«እንዳይሆንብን።»

«ብን ነው ወይስ ብሽ?»

ላባ ዓይኗን ገለጠች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ያለችውን ራሷ አልሰማችውም ነበር። ያቺ ክረምቱን ሙሉ «ይሆንብሻል፣ ይፈረድብሻል፣ ትዋረጃለሽ» ስትል የከረመች ናት። ሁልጊዜ አንቺ፣ አንቺ፣ አንቺ። ጣቷን ከመጠቆም አርፋ አታውቅም። አንዴ ቢጠይቋት «ብን» አለች። ለካ እንደ ከሳሽ ከወንበሩ ማዶ አልነበረችም። እዚሁ ከላባ ጋር ሆና ያንን ያበጠ እጅ አይታ፣ ከላባ ጋር ደንግጣ፣ ዳግመኛ እንዳይደርስባቸው በር ዘግታ የምትጮኽ ናት።

«ብን ነው ያለችው» አለች ላባ። እንባዋ መጣ፣ በትከሻዋ ጠረገችው፤ እጇ እግሩን እንደያዘ ነው።

«ምን እናድርግ ትላለች?»

«እንዳንሸፍነው። ትተነው እንዳንሄድ።»

«ይቻላል?»

«ይቻላል እንጂ!» አለች፣ እንደ ተቆጣ ሰው። ከዚያ ዝግ ብላ፣ ለእኔ ሳይሆን፣ «እሺ፣ አልሸፍነውም። አልሄድም። አንቺም አትሂጂ፣ አብረሽኝ እዪ» አለች።

ጨርቁን ፈታች። ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት ፊት ለፊት፣ በውስጥ በኩል፣ የሚያልፍ የደም ሥር አለ። ዓይን ባያየውም ቦታውን ለቆ ብዙ አይሄድም። እዚያ ላይ ጣቷን አሳረፈች፣ ትንሽ ዳሰሰች። ትከሻዋ ወርዷል። ያቺ ዝም አላለችም፣ ላባ ኋላ ነግራኛለች፤ ግን ከጆሮዋ ወርዳ ከጎኗ ተቀመጠች። መርፌው ገባ።

ደም የለም።

ያቺ «ሳትሽ» እንዳለቻት ከፊቷ አነበብኩት። የዱሮዋ ላባ «አልሳትኩም!» ብላ ትገፋው ነበር። ይቺኛዋ እጇን ባለበት አቆመችና በሹክሹክታ «ምን አየሽ?» አለች። ከዚያ መርፌውን ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ኋላ ሳበችው፣ እጅግ በጣም ጥቂት፣ የደም ሥሩን አልፋው ሄዳ ነበርና። ደም ብልጭ አለ።

ማን እንደጮኸ አላውቅም። እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ፈሳሹ መውረድ ጀመረ። ጨርቅ አልጠቀለለችበትም። ቆዳው ወለል ብሎ እንዲታይ ብርሃን በሚያሳልፈው ስስ ፕላስተር ብቻ አጣበቀችው፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህን እግር ከዚያኛው ጋር እያስተያየች፣ ያበጠ፣ የቀዘቀዘ፣ የጠነከረ ነገር እንዳለ በጣቷ እየዳሰሰች ቆየች። ዶክተሩ እያለከለከ ሲደርስ የሚንጠባጠበውን አየና የአጥንቱን መርፌ ዕቃ ራሱ ወደ ቦታው መለሰ። ቆይቶ ሕፃኗ ጮክ ብላ አለቀሰች፣ በእንባ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል እንባ አላየሁም።

እናትየው መሬት ልትስም ምንም አልቀራት። «ሲስተር» አለቻት ላባን፣ «ስታንሾካሽኪ ጸሎት መስሎኝ እኔ በየመሐሉ አሜን እያልኩ ነበር።»

«ጥሩ አደረግሽ» አለቻት ላባ፣ «አስፈልጎን ነበር።»

ይህን ስነግራችሁ ያቺ ድምፅ ከዚያ ወዲያ ጠፋች እንዳትሉኝ። አልጠፋችም። በነጋታው ዓርብ ጠዋት ገና ጋውኗን ሳትለብስ «ትናንት ዕድል ነው» ብላታለች። ላባ ነገረችኝና «ምን አልሻት?» አልኳት። «ዕድል ቢሆን ምን ያስፈራሻል አልኳት» አለች። አንዳንዴ ቁም ነገር አላት፣ «ቆዳውን አላየሽውም» ብትል ላባ ተነስታ ታያለች። አንዳንዴ ባዶ ፍርሃት ብቻ ናት፤ ያኔ «ሰማሁሽ» ትላትና ሥራዋን ትቀጥላለች። መጠየቅ መታዘዝ አይደለም። ያ ጥርሰ ወላቃ ስለፈራ ሳይወጋ አልቀረም፣ ተጠይቆ ተወጋ እንጂ።

እኔም ይሄ ነገር ለእኔ ይሠራ እንደሆነ ብዬ ቤቴ ቁጭ ብዬ የራሴን ጠየቅኳት። ሁልጊዜ «አንቺ ለፍላፊ፣ ሰው አሰልችተሻል» የምትለኝ አለች። በየዋህነት «የቱ ጋ ነው የፈራሽው?» አልኳት። «ብቻችንን እንዳንቀር» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጥያቄ ለመጠየቅ ወኔ አጣሁ። ሻይ አፈላሁና ለእህቴ ደወልኩ።

ያንኑ ዓርብ ላባ ኃላፊያችን ቢሮ ስትገባ እኔም በሩ ላይ ቆምኩ። ማድመጥ አይደለም፣ በሩ ክፍት ነበር። ኃላፊያችን መነጽሯን አወለቀች።

«እህስ፣ አሰብሽበት? ካርድ ክፍሉን ልንገራቸው?»

«አስበንበታል» አለች ላባ። «አንሄድም።»

ኃላፊያችን ከላባ ኋላ አጮልቃ እኔን አየችኝ፣ ከእኔ ኋላ ደግሞ ባዶውን ኮሪደር አየች።

«እናንተ እነማን ናችሁ?»

ላባ ሳቀች። ስድስተኛው አልጋ ላይ የተኛችው የሐሙሷ ሕፃን ግሉኮሷ መታየት ነበረበት፣ ወደዚያ ሄደች።